መጨረሻው ያልተሰማው የትንሹ አህያ ተረት

ካርቱም ውስጥ አህያ ብርቅ አይደለም። እኛ ካላክላ ሰፈር ውኃ የምንገዛው አህያ ከሚጎትተው ጋሪ ነው። በርሜሉን ስታዩት ከአህያው ይበልጣል። ታዲያ ያን ሁሉ ውኃ በዚያ ፀሐይ ሲጎትት የሚውል ፍጡር ማታ ጨለማ ይፈራል ብትሉ ማን ያምናችኋል? ሐያት ታምናለች።

ሐያት የጎረቤቴ የፎዝያ ልጅ ናት። ያኔ ገና አራት ዓመቷ ነበር። ፎዝያ እንደኔው የወሎ ልጅ ነች። ሁለታችንም ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እየሠራን፣ አመሻሽ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብበን እንመለሳለን። ባሏ ዐወድ ሱዳናዊ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር። ፖርት ሱዳን ጭኖ ከሄደ ቶሎ አይመለስም። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ነው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ፣ ፎዝያ ስታዛጋ እኔም አዛጋለሁ።

መብራት ሲጠፋ ሐያት ትጮኻለች። ልጅ አይደለች? መብራት ደግሞ በክረምት ሲጠፋ አይጣል ነው። ፎዝያ ልጅቷን ዝም የምታሰኘው በአንድ ተረት ነበር፤ ሁሌም በዚያው ተረት፣ ሁሌም በአማርኛ። ወሎ አያቷ ጋር ስትሄድ አፏ እንዳይተሳሰር ብላ ነው።

ተረቱ ይኸው። ትንሽ አህያ ከእናቱ ጋር ውኃ አድርሶ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ሳለ መሸ። ከላይ ሽው... ሽው የሚል ነገር ሰማ። ቆመ። ጆሮው ተቀሰረ። «እማዬ፣ ጨለማው ትልቅ ነው፤ እኔ ትንሽ ነኝ» አላት። እናቱም «አለሁ። አንድ እርምጃ ብቻ ና» አለችው። አንድ እርምጃ ሄደ። ለካ ሽው የሚለው የኒም ዛፍ ቅጠል ነው! ትንሽ እንደሄዱ ጠብ... ጠብ የሚል ነገር ሰማ። «እማዬ፣ ጨለማው ትልቅ ነው፤ እኔ ትንሽ ነኝ።» «አለሁ። አንድ እርምጃ ብቻ ና።» ለካ መንገደኛ እንዲጠጣው የተቀመጠ የውኃ እንስራ ነው የሚንጠባጠበው። ከዚያ ሁለት የሚያበሩ ነገሮች አየ። አሁንም ያንኑ አለ፤ እናቱም ያንኑ መለሰች። የድመት ዓይን ነበር፤ ድመቷም እሱን ፈርታ ነው የቆመችው።

ከዚያስ? እኔ እንጃ። በግድግዳው በኩል ስሰማ፣ እዚያ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። አትሳቁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ምንጣፍ ሳራግፍ የዋልኩ ሰው ነኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ፎዝያን ወባ ያዛት። ይለቃታል አልን። ስራዋን ሸፍኜላት ስመለስ ትኩሳቱ ብሶባታል። ሆስፒታል ወሰድናት፤ አልተመለሰችም። ዐወድ ከመንገድ የደረሰው ለቀብሯ ነው። አፈር የነካ እጁን ሳይታጠብ መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሐያትም እናቴስ ብላ ጠየቀችው። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ልስማ ብዬም አልቀረብኩ።

ለቅሶው ሲበተን ማታው መጣ። መብራት ጠፋ። ሐያት ተረቱን አለች። ዐወድ እንደገና መንገድ ወጥቷል፤ እኔ ነኝ ያለሁት፤ ጀመርኩላት። እኔ ደግሞ ተረት ስናገር ቲማቲም የምሸጥ ነው የሚመስለኝ፤ ድምፄም ሩጫዬም ልክ የለውም። ላጣፍጠው ብዬ ጅብ ጨመርኩበት። ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ ተነስታ ተቀመጠች። «ኻልቶ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «ጅብ ማፊ!» ጅብ የለም አለች፤ እውነቷን ነው። ማን ነው በመኝታ ሰዓት ጅብ የሚያስገባ?

እያረመችኝ ተማርኩ። ለካ አንዲት ቃል አትቀየርም። ልጅቷ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለምታውቅ ነው የምትረጋጋው። ከ«እማዬ» በኋላ ትንሽ ዝም ማለት አለብኝ፤ «ጨለማው ትልቅ ነው» የምትለው እሷ ነች። ከቅጠሉ ይልቅ እንስራው ላይ፣ ከእንስራው ይልቅ ድመቷ ላይ ድምፅ ይወርዳል፤ የአህያውም እርምጃ ይዘገያል። መጨረሻ ላይ ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚቀረው። ፎዝያ ይህን ሁሉ ማን አስተማራት?

ያስቸገረኝ ግን «አለሁ» ነው። የሞተች እናት ለልጇ አለሁ ስትል እንዴት አድርጌ ልናገረው? አንድ ቀን «አክስቱም አለሁ አለችው» አልኩ። ሐያት «እንደዚያ አይደለም» አለች። መለስኩት። ወደ «እናቱም» መለስኩት።

ይሁን፤ ድመቷ ዘንድ ደረስን። ሐያት ግን ነቅታለች። ዱሮ ከዚህ ሳታልፍ ትተኛ ነበር፤ አሁን እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። «ከዚያስ?» አለችኝ። አላውቀውም። እሷም አታውቀውም፤ አንድም ቀን እስከዚያ ነቅታ አታውቅማ! «እማማ ታውቃለች» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከራሴ ፈጥሬ ቤታቸው ገቡ አልኳት፣ ገለባ በሉ አልኳት። አይደለም ነው መልሷ። ዐወድን ጠየቅሁት። እሱ ተረት እንዳለም አያውቅ።

ዐወድ የፖርት ሱዳኑን ሥራ ተወው። ከካላክላ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሚኒባስ ያዘና ማታ ቤቱ መግባት ጀመረ። አንድ አመሻሽ ሳህን ሳጥብ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ ያንን ተረት አስተምሪኝ አለ። አማርኛው ከ«እንዴት ነሽ» እና ከ«ብዪ» አያልፍም። በአረብኛ ንገራት አልኩት። ለካ ከኔ የሰማውን ይዞ ነግሯት ነበር፤ የእናቴ አይደለም ብላ አልሰማም አለችው።

ቃል በቃል አስያዝኩት። «ጨ» ግን ከአፉ አልወጣ አለ። «ሸለማው ትልቅ ነው» ይላል፤ ሰው የተሸለመ ይመስል። ሐያት «ጨ! ጨ!» ስትለው፣ እሱ «ሸ! ሸ!» ሲል፣ ልጅቷ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያኔ ገና መሳቋ ነው። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።

ከዚያ «አለሁ» ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። «አና ፊ» ማለት ነው አልኩት፤ እዚህ ነኝ ማለት ነው። ቃሉን ደግሞ ደጋግሞ አለው። ተነስቶ ቧንቧው ዘንድ ሄደና ንጹሕ ፊቱን ታጠበ። ደጋግሞ ታጠበ።

ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ሲያሽከረክር የዋለ ሰው አልጋ ላይ ጋደም ብሎ እየቀነሰ በሚሄድ ድምፅ ሲያወራ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? እንስራው ላይ ሲደርስ ያንኮራፋል። በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ከእሱ ማንኮራፋት ቀጥሎ የሐያት ድምፅ ይመጣል፤ ሹክ እያለች ካቆመበት ትቀጥላለች። ዛሬስ መጨረሻውን እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ባቀና፣ ድመቷ ዘንድ ስትደርስ ድምፅዋ ይቆማል። ጠዋት ጠየቅኋት።

«መጨረሻው ምንድነው?»

«መጨረሻ የለውም» አለችኝ ዳቦዋን እየገመጠች። «አባዬ ይተኛል፣ እኔ ዝም እላለሁ።»

እንግዲህ አስቡት፤ ስንፈልገው የከረምነውን ነገር ፎዝያም ራሷ አታውቀውም ነበር ማለት ነው። ልጇ ከተኛች በኋላ ለማን ብላ ትጨርሰዋለች?

ግን አባትሽ መተኛቱን ካየሽ ለምን ትቀጥያለሽ፣ ለምን አንቺም አትተኚም አልኳት። ወደ ዐወድ ዞር ብላ አየች፤ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያደርጋል። ጠጋ አለችኝና፣ እሱ እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኻልቶ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። «አባዬ ጨለማ ይፈራል።»

ትልቅ ሰው ጨለማ አይፈራም ልላት ነበር፤ ለማንም አልነግርም አልኳት።