ለሊን የተጻፉ አራት ፊደላት

እንኳን አደረሰህ ማለት ምንም አያስከፍልም ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔም እንደናንተ ነበርኩ። ቃሉ ይወጣል፣ ሰውየው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላል፣ አለቀ። ማን እንደደረሰ፣ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ የሚጠይቅ የለም።

የምሠራው ፓራዳይዝ በምትባል የካዚኖ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው፤ መስኮት የሌለው ምድር ቤት። እኔና ቻይናዊቷ ሊን አንሶላ ወደ መተኮሻው ማሽን እናስገባለን፤ እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን። አራት ዓመት፣ ፊት ለፊት። ባለፈው ገና ጠዋት «መልካም ገና» አለችኝ። በአማርኛ! ከየት እንደተማረችው እንጃ። ታዲያ የነሱ አዲስ ዓመት ሲመጣ ዝም ልበል?

እዚሁ የተወለደችውን ልጄን አማከርኳት።

«ማሚ፣ 'ጎንግ ሺ ፋ ጻይ' እንዳትይ። እሱ 'ሀብታም ሁኚ' ማለት ነው፣ ካዚኖ በር ላይ የሚሰቅሉት። ሴፉን፣ ማንንም የማያስቀይመውን ጻፊ።»

ሴፉ «ሺን ኒየን ኩዋይ ለ» ነው፤ አዲስ፣ ዓመት፣ ከዚያ በሁለት ፊደል ደስታ። ለአለቃም ለጎረቤትም ይሆናል። ሊን የጓንግዶንግ ሰው ስለሆነች የመጨረሻውን ፊደል በቀለለው አጻጻፍ አደረግነው፤ ከሆንግ ኮንግ ብትሆን የጥንቱ ይሻል ነበር። ካርዱ ቀይ፣ ስሟ ግን በጥቁር ቀለም፤ የሰው ስም በቀይ መጻፍ ሞት ይጠራል ይላሉ። 新年快乐። አሥር ጊዜ ተለማመድኩት። ምን ቀረ? ምንም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰጠኋት። አየችውና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ተሳሳትኩ እንዴ?»

«ጽሕፈቱ ጥሩ ነው። ባሌ ኖቬምበር ላይ ሞተ። ሰው የሞተበት ቤት በዚያ ዓመት ቀይ አይሰቅልም። ሰው ቤት ሄዶ መልካም ምኞት አይልም። 'ደስታ' አይባልም።»

ኖቬምበር። ሦስት ቀን ቀርታ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስመለስ 'ቬኬሽን እንዴት ነበር?' አልሽኝ። ጥሩ ነበር አልኩሽ።»

አዎ፣ ብያታለሁ። እኔ፣ የማላውቀው ሰው ሞተ ሲባል ሺፍት ለውጬ ለቅሶ የምሮጠው። ይቺ ሴት ባሏን ቀብራ መጥታ መልካም ገና ብላኛለች።

እስክሪብቶዬን ተቀበለችኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ሰረዘችና በምትካቸው 平安 ጻፈች።

«'ፒንግ አን።' ሰላም፣ ደህንነት። ለኔ ይሄ ይሆናል።»

ካርዱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ወዲያው ሱፐርቫይዘራችን ለበዓሉ ብርቱካን የሞላ ሣጥን ይዞ ገባ።

«ሊን! ጎንግ ሺ ፋ ጻይ!»

ሊን ብድግ አለች። ብርቱካኑን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ፊቷ በራ፣ ጥርሷ ሁሉ ታየ፤ አመሰገነችው፣ ለሱም ተመኘችለት። ደስ ብሎት ወጣ።

ለኔ እንዲህ አልሳቀችልኝም፤ እውነቱን ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ የሚገባ ይመስለኛል።