ሚዳቋ ከሹመቷ ፎቶ ሥር የጻፈችው

ተረት ተረት ብል «የላም በረት» ትሉኛላችሁ፤ የዛሬው ግን ከበረቱ ራቅ ይላል፤ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ከገባ በኋላ የሆነ ነው።

በዚያ ጫካ አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ሥራዋ የወንዝ ጥበቃ ነው። እንስሳቱ ውኃ ሲጠጡ እሷ ጉብታ ላይ ወጥታ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ነብር ከሸተታት ታፏጫለች፤ ሁሉም ይበተናል። አለቃዋ ከርከሮ አርጅቶ ሥራውን ትቶ ጉድጓዱ ሲገባ ጉባኤው እሷን የጠባቂዎች ሁሉ ኃላፊ አድርጎ ሾማት።

ያልተለጠፈ ሹመት አይጸናም የሚባልበት ዘመን ነበርና ወዳጇ ጦጢት ስልኳን ይዛ ከተፍ አለች። ሚዳቋን ጉብታው ላይ አቁማ፣ አንገቷን ቀና አስደርጋ ፎቶ አነሳቻት።

«ፎቶው አምሮልሻል» አለች ጦጢት። «ከሥሩ የሚጻፈውን እኔ ልንገርሽ። ‹የተጣለብኝን አደራ በታላቅ ትሕትናና በላቀ ክብር ተቀብያለሁ።› ከዚያ ጉባኤውን አመስግኚ፣ አያ አንበሶን ታግ አድርጊ፣ አለቀ።»

ሚዳቋ ጻፈችው፤ አነበበችው፤ አጠፋችው።

«ምነው?»

«የከርከሮም ይኸው ነበር። ከእሱ በፊት የነበረውም ይኸው ነው። ስም ብቻ ነው የሚቀየረው።»

«ታዲያ ምን ልትዪ ነው?»

ሚዳቋ ወደ ወንዙ አየች። ከተሾመች ወዲህ ሣር አልወርድ ብሏታል። ደስታውስ ደስታ ነው፤ እናቷ በሕይወት ብትኖር እልል ትል ነበር። ግን ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ጠባቂ ያልቆመበት መልካ ይታያታል። እስከ ትናንት የምትጠየቀው በራሷ ጆሮ ነበር፤ ከእንግዲህ የሌላው ጆሮ ቢያንቀላፋም ተጠያቂዋ እሷ ናት። ቆይታ ቆይታ እንዲህ ጻፈች፦

«ከዛሬ ጀምሮ የጠባቂዎች ኃላፊ ሆኛለሁ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ፈርቻለሁም፤ እሱንም አልዋሽም። ድሮ የማስበው ስለ ራሴ ጆሮ ነበር፤ አሁን የሌሎቹንም ተሸክሜያለሁ። ያስተማረኝን ከርከሮን አመሰግናለሁ። እኔ ያላየሁትን ያያችሁ፣ ሳትሳቀቁ ንገሩኝ።»

ጦጢት አንብባ ራሷን አከከች። «‹ፈርቻለሁ› የምትለዋን አውጪያት። ጠላት ያነባል።»

«ወዳጅም ያነባል» አለችና ለጠፈችው።

ላይኩ ጎረፈ። አብዛኛው ሳያነብ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ይገባሻል» እያለ አለፈ። ጉማሬማ ልደቷ መስሎት የኬክ ሥዕል ላከላት። ቀበሮ ግን እስከ መጨረሻው አነበበ። ሹመቱን ሲመኝ የኖረ ነውና «ፈርቻለሁም» የምትለውን መስመር ብቻ ስክሪንሻት አድርጎ ወደ አያ አንበሶ ገሰገሰ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉባኤ ተጠራ።

«ጌታዬ፣ በገዛ እጇ የጻፈችው ነው» አለ ቀበሮ ስልኩን እያሳየ። «ፈሪ እንዴት ጠባቂ ሆኖ ይሾማል?»

አያ አንበሶ ወደ ሚዳቋ ዞረ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች።

«በይ አሁኑኑ አጥፊና ደፈር ያለ ነገር ጻፊ። አለዚያ ሹመቱ ለቀበሮ ይሁን።»

ሚዳቋ ስልኳን አወጣች። ልትታዘዝ ነበር፤ ሹመቱን ትወደዋለች። ጽሑፏን ስትከፍት ከሥሩ ኤሊ አንድ ኮመንት አስፍሮ አገኘችው፦ «እመት ሚዳቋ፣ ንገሩኝ ስላልሽ ነው። በታችኛው መልካ ሣሩ ተኝቷል፤ አተኛኘቱን አልወደድኩትም። ከርከሮ ቢሆን አልነግረውም ነበር፤ ‹እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሃል› ብሎ ይቆጣኛል።»

በዚያ ሰዓት በታችኛው መልካ እናቶች ግልገሎቻቸውን ውኃ ያጠጣሉ። ሚዳቋ ፈቃድ አልጠየቀችም። ከጉባኤው ወጥታ ሮጠች፤ እየሮጠች አፏጨች። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን እየነዱ ተበተኑ። ነብር ከሣሩ ውስጥ ሲወረወር ያገኘው ውኃ ብቻ ሆነ።

ሚዳቋ ወደ ጉባኤው ተመልሳ የሆነውን ነግራ የኤሊን ኮመንት ስታሳየው አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጽሑፉ ባለበት ይቆይ» አለ፤ መጀመሪያም ያሰበው ይህንኑ እንደሆነ ሁሉ። ቀበሮም ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መፍራት ፋሽን ሆነ። ፒኮክ የመዘምራን አለቃ ስትሆን ፈራች፤ ቀበሮ የጉባኤው ጸሐፊ ሲሆን «በደስታና በፍርሃት መካከል ቆሜያለሁ» ብሎ አንገቱን ሰበር አድርጎ ፎቶ ተነሳ። እውነት ይፍሩ አይፍሩ የጠየቀ የለም። ሚዳቋ እያነበበች ታልፋለች፤ እሷስ አሁንም ጉብታው ላይ ስትወጣ ልቧ ይመታል።

በመጨረሻ አያ ጅቦ የግልገሎች መዋያ ኃላፊ ተደርጎ ተሾመ። ዓይኑን እንባ እንባ አስመስሎ ፎቶ ተነሳና ከሥሩ ጻፈ፦ «ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን ይህን ሁሉ ግልገል ሳስብ፣ ኃላፊነቱ ያስፈራኛል።»

የልጆች እናት የሆነች ድኩላ አነበበችና መለሰችለት፦

«አያ ጅቦ፣ አንተስ አትፍራ፤ እኛ እንፈራልሃለን።»