የአቶ ለማንኛውም ሠላሳ አንደኛ ቀን

«ቀጭኗ ጨረቃ፣ ምነው ብትወጪ፣ ምም ምም ምም… ብትመጪ።»

የእህቴ ባል የጣሪያውን በር ሲከፍት የሚያንጎራጉረው ይህችኑ ነው። መሐሏን ረስቶታል። እኔ ስንኝ ሲጎድል ሆዴ የሚባባ ሰው ነኝና ስንት ጊዜ ገጥሜ ልሞላለት ሞከርኩ። «ተወው፤ የራሷ ካልሆነ ይቅርባት» ይለኛል። ያልተረጋገጠ ነገር በዜማም ቢሆን አይወድም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተሠራም። በሩን ቆልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቅ፤ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ በጠራበት ቀን ጃንጥላ የሚይዝ። የእኛው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ራሱ ጠግኖ በጨረሰው ሊፍት እንኳ ወዲያው አይሳፈርም፤ መጀመሪያ የመሣሪያ ሳጥኑን ብቻዋን ይልካታል። «ለማንኛውም» ይላል። ስሙ ከተረሳ ቆየ፤ ሰፈሩ ሁሉ «አቶ ለማንኛውም» ነው የሚለው።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ሰው ጫንቃ ላይ በየዓመቱ ጨረቃ ትወድቅበታለች። ሕንጻችን ከአካባቢው ሁሉ ይረዝማል፣ የጣሪያው ቁልፍ ደግሞ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመስጊዱ ሽማግሌዎች፣ አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ ኢማሙ ወደ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ ከመደወላቸው በፊት እሱ እንዲጠይቀው ወሰኑ። እኔም «ክቡር የጨረቃ ጉዳይ ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ጨመርኩለት። አልሳቀም።

ዘንድሮ ረመዷን ሊገባ ሲል ክቡርነታቸው ብቻቸውን ድንበር ተሻግረው የልጃቸውን አዲስ ቤት ሊያዩ ሄዱ። ልጅቷን ያገባው የመሬት ቀያሽ ነው፤ እሱና አማቱ ስለ ጨረቃ የማይከራከሩበት ስልክ ተደውሎ አያውቅም።

«አባባ፣ ጨረቃ የምትወለደው ለዓለም ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው፤ ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስትሰለፍ» ይላል ቀያሹ። «ያንን ዛሬ ተቀምጠን የሃምሳ ዓመቱን ማስላት እንችላለን።»

«ስትወለድ ትታያለች?»

«አትታይም። ብርሃን ያረፈበት ፊቷ ወዲያ ነው የዞረው።»

«ያልታየችን ምን ብዬ ልጹማት?»

«የሶላት ጊዜን ለማወቅስ ጥላዎን ይለካሉ ወይስ ሰዓትዎን ያያሉ?»

አቶ ለማንኛውም «እሱ ይታሰብበታል» ብሎ ስልኩን ለእህቴ ሰጣት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለደች ጨረቃ ወዲያው አትታይም። ከፀሐይ በቂ መራቅ አለባት፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ጥቂት ቆይታ መጥለቅ አለባት። ይህ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ፣ እዚህ ለዓይን ያልደረሰች ጨረቃ እዚያ በዚያው ምሽት ልትታይ ትችላለች። በዚህ ላይ አገር ሁሉ የየራሱ ደንብ አለው። አንዱ በገዛ ሰማዬ ካልታየች አልቀበልም ይላል። ሌላው የትም ትታይ፣ ምስክር ከተገኘ ይበቃኛል ይላል። ሦስተኛው ስሌቱን ይዞ ቀኑን ከዓመት በፊት ያውጃል። ስሌቱን ለምስክር መፈተኛ ብቻ የሚጠቀምም አለ፤ ጨረቃዋ ከፀሐይ ቀድማ በጠለቀችበት ማታ «አየሁ» የሚልን ሰው በትሕትና ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

የልጅቷ አገር በስሌት ነው የሚሄደው። ጨረቃ ጠዋት ስለተወለደች፣ ራቅ ባለ ምዕራብም ማታውን ልትታይ ስለምትችል፣ በማግሥቱ ጾሙ። የእኛ በዓይን ነው። በዚያ ምሽት የእኛዋ ጨረቃ እንደ ጠቦት የፀሐይን እግር ተከትላ ገባች፤ ማንም አላያትም፤ ያለፈውን ወር ሠላሳ ሞልተን ከእነሱ በአንድ ቀን ዘግይተን ጀመርን። አቶ ለማንኛውም እዚያው ስለነበር ከእነሱ ጋር ጀመረ። አንድ ሳምንት ሰንብቶ ሲመለስ በአንድ ቀን ቀድሞን መጣ።

ሲለያዩ ልጁ ቃል አስገብታዋለች። የዒድ ምሳን አንድ ላይ፣ እሷ በዚያ እሱ በዚህ፣ በስልክ እየተያዩ ሊበሉ። ካገባች ወዲህ በዓልን አብረው በልተው አያውቁም፤ የሁለቱ አገር ዒድ ገጥሞ አያውቅማ።

የእኛ ሃያ ዘጠነኛ ቀን ለእሱ ሠላሳኛው ነበር። ልጅቷ ነገ ዒዷ ነው። ጨረቃ እኛም ጋ ከታየች የሁለቱ በዓል ይገጥማል። ካልታየች እኛ ሠላሳ እንሞላለን፣ እሱ ደግሞ ሠላሳ አንደኛ ቀኑን ይጾማል። የጨረቃ ወር ደግሞ ሠላሳ አንድ ሆኖ አያውቅም።

ጣሪያ ላይ ወጣን። ምዕራቡ በሙሉ ደመና ነው፤ እንደ ታጠበ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ቀያሹ ደወለ። «አባባ፣ አለች። ከተወለደች ሃያ ሰዓት አልፏታል። ከደመናው ኋላ ናት።»

«ከደመናው ኋላ ብዙ ነገር አለ፣ ልጄ።»

በዚህ መሐል ላውንደሪ ቤት ያለው ሰውዬ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። «አየኋት ጋሼ። በደመናው ስንጥቅ፣ በዚች ዓይኔ።»

አንድ ቃል ነበር የቀረው። አቶ ለማንኛውም «ደግ» ብሎ ለኢማሙ ቢደውል፣ ነገ ምሳ ከልጁ ጋር ነው። ስልኩ እጁ ውስጥ ነው፤ አውራ ጣቱ የኢማሙ ቁጥር ላይ ነው።

«ቀንዶቿ ወዴት ነበሩ?» አለው።

«ወደ ታች። ፀሐይ ወደገባችበት።»

አቶ ለማንኛውም ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ወንድሜ፣ የማታ ጨረቃ ለፀሐይ የምታሳየው ሆዷን ነው። ቀንዶቿ ይሸሿታል። ያየኸው የደመና ጠርዝ ነው።»

«ታዲያ አንተስ ነገ መብላት አትፈልግም እንዴ?»

«የተጠየቀው እኔ ምን እንደምፈልግ ነው እንዴ?»

ደረጃውን ስንወርድ አላንጎራጎረም።

ያን ማታ እንደተፈራው ወሩ ሠላሳ እንዲሞላ ታወጀ። ኢማሙ ግን እሱን ወደ ጥግ ሳብ አደረጉት፤ እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ብዙ ሊቃውንት ካለህበት አገር ሕዝብ ጋር ጹም፣ ከእነሱም ጋር ፍታ ይላሉ አሉት። ሠላሳህን ስለሞላህ ግን ነገ ከሰው ተሰውረህ ብትበላ ይፈቀዳል ያሉም አሉ፣ ምርጫው ያንተ ነው አሉት።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ልጅቷ ደወለች። ማዕዷ ተዘርግቷል፣ ልብሷ አዲስ ነው። «አባባ፣ ጉርሻህን ያዝክ?»

«እኛ ጋ አልታየችም፣ የኔ እመቤት። የምበላው ማታ ነው።»

ፈገግ ለማለት ሞከረች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተጠጋሁት። «ጋሼ፣ ኢማሙ ያሉህን ሰምቻለሁ። ጓዳ ገብተህ ስልኩን ከፍተህ ብትበላ ማን ያይሃል?»

«እህትህ እየጾመች?» አለኝ። ወጥ የምታማስለውን ሚስቱን በአገጩ አሳየኝ። «ከእሷ ተሸሽጌ የበላሁት ምኑ ዒድ ነው?»

ይህን ሁሉ ዓመት ፈሪ ነው ስል ኖሬያለሁ። ፈሪ ግን በገዛ ምሳው ላይ አይመሰክርም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኩ እንደገና ጮኸ። ልጅቷና ቀያሹ ናቸው፤ የቀትሩ ማዕድ እንደተዘረጋ አለ፣ ሳህኖቹ ንጹሕ ናቸው፣ ዳቦው አልተቆረሰም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አቶ ለማንኛውም።

«እምቢ አለች፤ ዒድ ነውና ጠዋት ቴምር ቀምሳለች፣ ምሳውን ግን ከአባቴ በፊት አልጎርስም ብላ ዋለች» አለ ቀያሹ። «እኔ ያደረግኩት፣ እናንተ ጋ ፀሐይ መቼ እንደምትጠልቅ አስልቼ መንገር ብቻ ነው።»

አማቱ «በዚህስ ስሌትህ አልከራከርህም» አለው።

አዛን ተሰማ። እህቴ ስልኩን ከውኃው ማሰሮ ጋር አስደግፋ ወንበሩን ሳበችለት። አቶ ለማንኛውም ተቀመጠ። ቴምሩን አንስቶ፣ ልጁም ማዶ እስክታነሳ ጠበቃትና ጎረሰ።