ስለ ሰማያዊ አበባው ሳህን የተጻፈች ወረቀት

ዘቢደር ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ ተኝታ ሕልም አየች። በሕልሟ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት ዕቃዎች ነበሩ፤ ሰዎች ደግሞ ታጥበው መደርደሪያ ላይ ይደረደሩ ነበር።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ፈቺ አያስፈልግም። ዘቢደር አዳማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች፤ ቤት የምትጋራው ደግሞ ከልብስ ሰፊዋ ከእትዬ ሙሉካን ጋር ነበር። ሁለቱ የገቡት ከዓመት በፊት፣ በአንድ ሳምንት ነው። እትዬ ሙሉካን በዕድሜ ብዙ ይበልጧታል፤ ዝምተኛ ናቸው፤ የተቀመጠ ዕቃ ሲዛነፍ አይወዱም። ያን ዕለት ጠዋት ዘቢደር ከማታ ተረኝነት ደክማ ገባች። የራሷ ሳህን ስላልታጠበ ከመደርደሪያው ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን አነሳችና ገንፎዋን በላችበት። ማንም ነክቶት የማያውቅ ሳህን ነበር። በልታ ስትጨርስ የደረቀው እንዲለቅ የፈላ ውሃ ሞላችበት፤ ወዲያው ደፋችና ሳይበርድ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፈተችበት። ሳህኑ ጧ ብሎ አምስት ቦታ ሆነ።

ልቧ የወደቀው ለሳህኑ ብቻ አልነበረም። በፊት በኖረችበት ቤት አንድ ብርጭቆ ተሰብሮ ማን እንደሰበረው ሳይነገር ቀረ። በዚህ ምክንያት ከደባሏ ጋር አራት ወር ተኮራርፈው፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ እየገባች ኖሩ። በመጨረሻም ዘቢደር ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ያ እንዲደገምባት አልፈለገችም። እትዬ ሙሉካን ስፌት መኪናቸው ላይ ከተቀመጡ ስልክ አያነሱም፤ እስኪመጡ ነቅታ እንዳትጠብቅ ደግሞ ዓይኗ አልገለጥ ብሏታል። ስለዚህ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደችና ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ጨምድዳ፣ በአራተኛው እንዲህ አለች፦

«እትዬ ሙሉካን፣ ዛሬ ጠዋት ሰማያዊ አበባ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን ሰበርኩ። ሳላስፈቅድ ተጠቅሜበት፣ ገና ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቅሁበት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስባሪውን በካርቶን አድርጌ ከበሩ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። ወለሉን ሁለቴ ጠርጌዋለሁ፤ ቢሆንም ደቃቅ ሊቀር ስለሚችል ጫማ አድርገው ይግቡ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ተመሳሳዩን እፈልጋለሁ። ከሌለ እርስዎ የወደዱትን እገዛለሁ፤ አብረን ብንሄድ ደግሞ ይሻላል። ተኝቻለሁ፤ ይቀስቅሱኝ። ዘቢደር።»

ወረቀቷን እትዬ ሙሉካን ሁልጊዜ ቦርሳቸውን የሚያሳርፉበት ጠረጴዛ ላይ በጨው ዕቃው አስደግፋ ገብታ ተኛች። እንቅልፍም ወዲያው ይዟት ሄደ።

በሕልሟ መደርደሪያ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ውሃዋ ይንጠፈጠፍ ነበር። በቀኟ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ተደፍተዋል። «እኔ ለእንግዳ ካልሆነ አልወጣም» እያሉ ይኮሩባት ነበር። በግራዋ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ነበር፤ ጆሮው ስለተሰበረ ሻይ አይቀርብበትም፤ የስኳር መያዣ ሆኗል።

የቤቱ ተከራዮች ሁለት ነበሩ፤ አንድ ማንቆርቆሪያና ያ ሰማያዊ አበባ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን። ዘቢደር የሳህኗ ንብረት ነበረች። ሳህኗ ሥራ ሄዳ ሳለ ማንቆርቆሪያው ዘቢደርን አውርዶ ተጠቀመባት፤ ለምን እንደተጠቀመባት ሕልሙ አልነገረም። ከዚያ በፈላ ውሃ ዘፈዘፋት፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀባት። ጧ ብላ አምስት ቦታ ሆነች። አላመማትም። አፏ ብቻ ከግማሽ አገጯ ጋር ተንከባልሎ ምድጃው ሥር ገባ።

ማንቆርቆሪያው ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ ወረቀት አወጣና «ዘቢደር ወድቃ ተሰብራለች» ብሎ ጻፈ።

«ማን ሰበራት?» አለ የዘቢደር አፍ ከምድጃው ሥር።

ማንቆርቆሪያው ሰረዘና «ሳሙናው አዳልጦ ሰበራት» አለ። አፏ ሳሙናው እጅ እንዳለው ጠየቀው። ማንቆርቆሪያው በእንፋሎት ተሸፈነ፤ ብዙ ካሰበ በኋላ «ሰበርኳት» ብሎ ጻፈ። ይህን እንደጻፈ ክዳኑ መንቀጥቀጡን አቆመ። እሱም ገረመው፤ ዳግመኛ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ራሱን ወዘወዘ፤ አልተንቀጠቀጠም።

በዚያ አገር የይቅርታ ወረቀት ያለ ማኅተም አይቀመጥም። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ስባሪዎቿን በሳፋ ይዞ ቀበሌ ሄደ። የቀበሌው ሠራተኞች ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ሊቀ መንበሩ ተራ እንዳያልፈው ጫማውን በመስመሩ ላይ አስቀምጦ ጥላ ሥር ቆሟል። ባለጉዳዮቹ ደግሞ በመስኮቶቹ ኋላ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዱ ባለጉዳይ ብቅ ብሎ ለሰልፈኞቹ በሙሉ ነገ እንዲመለሱ ነገራቸውና መስኮቱን ዘጋ።

ከሦስተኛው መስኮት ኋላ አንዲት ድንች ሻጭ ነበረች። የማንቆርቆሪያውን ወረቀት ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሊቀ መንበሩ በባዶ እግሩ ሮጦ መጣና፣ ማኅተሙን በሁለት እጁ ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ እንድታስመታው ለመናት።

«ጎደሎ ወረቀት ላይ አይመታም» አለችው። ከዚያ ወደ ማንቆርቆሪያው ዞረች። «መቼ ሰበርካት? በምን ምክንያት? ስባሪዋን የት አደረግህ? ባለቤቷ በባዶ እግሯ ብትገባስ?»

ማንቆርቆሪያው ቆም እያለ ጻፈ። ቀኑን ጻፈ፤ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ጻፈ፤ ሳፋውንም ጻፈ። ሴትዮዋ አሁንም ራሷን ነቀነቀች።

«ይቅርታህ ደህና ነው» አለች። «ግን ባለቤቷ ነገ ጠዋት በምን ትበላለች?»

በዚህ ጊዜ ቀበሌው ገበያ ሆነ። ሰዎች በሸራ ላይ በየመጠናቸው ተደርድረው ይሸጣሉ፤ ትንንሾቹ በትልልቆቹ ውስጥ ተነባብረዋል። ማንቆርቆሪያው የእያንዳንዱን ግንባር በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ያስጠጋል። አንድ ጠበቃ አንኳኳና ድምፁ ስላልጠራለት ውስጡ ተሰንጥቋል ብሎ መለሰው። ከዚያ ከሸራው ዳር ቁርጥ ዘቢደርን የምትመስል አገኘ፤ ቁመቷ ያው፣ ሹሩባዋ ያው፣ ነጭ ጋውኗ ላይ ያለችው የቀለም ነጠብጣብ እንኳ ያችው። ሻጩ ወንፊት ነበር፤ ከአንድ ፋብሪካ እንደወጡ ምሎ ተገዘተ።

ዘቢደር ከሳፋው ውስጥ ሆና ስታያት ሆዷ ባባ። በቃ፣ ይህችን ወስደው መደርደሪያው ላይ ይደፏታል፤ እኔንም ማንም አያስታውሰኝም አለች በልቧ። ማንቆርቆሪያው ግን ልጅቷን አንኳኳት፤ ድምፅዋ ጥርት አለ፤ እሱ ግን አልገዛትም።

«ትመስላታለች እንጂ እሷ አይደለችም» አለ። «ይህን የምትወስነው ባለቤቷ ናት። እኔ ልመርጥላት አልችልም።» እናም በወረቀቱ ግርጌ ተመሳሳይ እንዳገኘ፣ ነገር ግን ሳህኗ ራሷ አይታ እንድትመርጥ፣ አብሯትም እንደሚሄድ ጨመረበት። ሊቀ መንበሩ ከየት መጣ ሳይባል ከሸራው ሥር ወጥቶ ማኅተሙን መታና በደስታ አለቀሰ።

ቤት ተመለሱ። ማንቆርቆሪያው ወረቀቱን አስደግፎ ጥግ ላይ ቆመ። ሳህኗ ገባች። ነጠላዋን አወለቀች፤ ወረቀቷን አየች፤ አነሳችና ማንበብ ጀመረች። አነበበች፣ አነበበች፣ አያልቅላትም። የዘቢደር አምስት ስባሪ በሳፋው ውስጥ ትንፋሹን ዋጠ። አሁን ማንቆርቆሪያውን ውጣልኝ ትለዋለች፤ ወይም ከዚህ ሁሉ የከፋውን፣ ምንም ሳትለው አራት ወር ትዘጋዋለች። ሳህኗ ወረቀቷን ገልብጣ ጀርባዋን አየች። ከዚያ ቀና ብላ አፏን ከፈተች።

«ዘቢደር» አለች፣ በእትዬ ሙሉካን ድምፅ።

ዘቢደር ብርግግ ብላ ነቃች። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ተንጋዳ ገብታለች። እትዬ ሙሉካን ወረቀቷን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እግራቸው ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ የክረምት ቦት ጫማ አለ፤ ጫማ አድርገው ይግቡ የሚለውን ቃል በቃል ወስደውታል። ከፊታቸው ምንም አይነበብም።

ዘቢደር ተነስታ ይቅርታዋን በአፍም መድገም ጀመረች። እሳቸው በእጃቸው አስቆሟትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ይህ ሳህን ያንቺ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«የእርስዎ ነው እንጂ።»

እትዬ ሙሉካን ወረቀቷን ደግመው አዩዋት። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ነገሯት፤ ይህን ሳህን የእሷ እናት የሰጠቻት አድርገው ነበር የሚያስቡት። ዓመት ሙሉ አቧራውን ሲጠርጉለት እንደ እንቁላል ነው የያዙት። አንድ ቀንም እንግዳ መጥቶባቸው ሳህን ሲያጥራቸው፣ ይህን ከመንካት ከጎረቤት ተበድረዋል። ዘቢደርም እሷ ሳትነካው የኖረችው የእሳቸው መስሏት መሆኑን ነገረቻቸው። ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ሙሉካን ናቸው፤ እኚያ ዝምተኛ ሴት ቦት ጫማቸውን እያጋጩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዘቢደርም ተከትላ ሳቀች።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ።

«ታዲያ የማን ነው?» አለች ዘቢደር።

ሁለቱም መልሱን አብረው አገኙት። ከእነሱ በፊት እዚህ ቤት የኖሩት አከራያቸው ጋሽ ጉልላት ብቻ ናቸው። ጋሽ ጉልላት ማለት ደግሞ ግድግዳው ላይ ሚስማር ሲመታ ከሁለት መንደር ማዶ የሚሰማቸው ሰው ናቸው። በዚያ ሳምንት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደዋል፤ የሚመለሱት እሑድ ነው።

እትዬ ሙሉካን ቦታቸውን ሳይለቁ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አሏት። በአከራያቸው በር ሥር እንድታሾልከው፣ ያንኑ የእሷን ወረቀት ስሙን ለውጣ እንድትገለብጠው፣ መልካም ወረቀት ስለሆነ ምንም መጨመር እንደማያስፈልግ ነገሯት። ዘቢደር ጉልበቷ ላይ ደብተር አድርጋ «ጋሽ ጉልላት፣ ሰማያዊ አበባ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን ሰበርኩ» ብላ ጻፈች።

እትዬ ሙሉካን በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው አነበቡና በጣታቸው ነኩት።

«ሰበርን በይ» አሉ።

«እርስዎ እኮ ሥራ ላይ ነበሩ።»

«ዓመት ሙሉ አብሬሽ ፈርቼዋለሁ። ሰበርን በይ።»

ዘቢደር «ኩ»ን ሰርዛ «ን» ጻፈችበት።