ዘለልከው የተባልኩት ስንኝ

መዝሙር መጻፍ ቀላል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ሚዛን ከተማ ውስጥ ትንሽ የጫማ ሱቅ አለችኝ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ግጥም እሞነጫጭራለሁ። አምና ለኅዳር ሚካኤል አዲስ መዝሙር አወጣሁ። ወጣቶቹ ወደዱት። ታቦቱ ሲወጣ ግን እናቶች የቴፒ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው ቆሙ። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ።

ዘንድሮ የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ቁርጡን ነገረኝ። እናቶች ካልተቀበሉት ከእንግዲህ የድሮውን ብቻ ነው የምንዘምረው፣ አንተም አትድከም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምን ዕረፍት አለ? አርባ ሁለት ቁጥር ለጠየቀኝ ሰው ሠላሳ ስምንት ሰጥቼ ሸኘሁ።

ደግሞ መሪጌታ አሉ። የጻፍነውን ሁሉ አስቀድመው የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ቀይ እስክሪብቷቸው ሳይነካው ያለፈልኝ ስንኝ የለም። የቡና ለቀማውን ባስገባ «መዝሙሩ ለመልአኩ ነው ለቡናው?» ብለው ሰረዙት።

ቢጨንቀኝ ጎረቤቴ እትዬ አስለፈች ዘንድ ሄድኩ። ከማጂ በሙሽርነት የመጡ ናቸው፤ በበዓል እልልታውን የሚያስጀምሩት እሳቸው ናቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከቀይ ቡና ጥሬውን ይለያሉ። የአምናውን ዘመርኩላቸው። እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም። የድሮውን ስዘምር ግን የስንኙ መጨረሻ ላይ እጃቸው ቆመና አዝማቹን ተቀበሉኝ።

ምን ለየው አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኛ ስንኙን መች እንይዘዋለን? ዜማው ዝቅ ብሎ ሲያርፍ ነው ተራችን መድረሱን የምናውቀው። ያንተው ሽቅብ እንደወጣ ይቀራል። በየት እንግባ?»

ለካ መግቢያውን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። ሱቄን ቆልፌ እንደገና ጀመርኩ። የድሮውን አዝማች እንዳለ ተውኩት። ስንኞቹን ሁሉ አዲስ አደረግኩ፤ የየስንኙ የመጨረሻ መስመር ግን እንደ ጥንቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ፣ ከበሮውም እዚያች ላይ እንዲረግጥ አደረግኩ።

በበዓሉ ቀን አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። መሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረሰ። ዜማው ወረደ፣ ከበሮው ረገጠ። እናቶች አዝማቹን ተቀበሉት። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ እትዬ አስለፈች ጠሩኝ። ምርቃት ጠብቄ ነበር።

«የጥንቱን ስትይዙ እንዴት ያምርባችኋል። እናቴ ማጂ ሳለች የምትዘምረው ነው እኮ። አንዱን ስንኝ ግን ዘለልከው» አሉኝና ዘመሩልኝ።

የትኛውን የጥንት ነው የዘለልኩት? ስንኞቹን የጻፍኩት ባለፈው ወር ነው! እሳቸው ግን በቡናው ጥላ ሥር የሚለቅሙትን ጠብቅልን የሚል ስንኝ እዚያው አወረዱት። ከእኔዎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ጽፌ፣ ከእትዬ አስለፈች የሰማሁት ነው ብዬ ለመሪጌታ ወሰድኩላቸው። ቡና የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ቀዩ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አልወጣም።

«ይሄ የአባቶች ነው» አሉኝ፤ «እንዳትነካው።»