ጋሽ ይግዛውና ሮዝ የሆነው ቀሚስ

የወንጀል ፊልም የሚታይበት ቤት ሁሉ፣ ገዳዩን ከፖሊስ ቀድሞ የሚይዝ አንድ ሰው አያጣም። በስቶክሆልም ዳርቻ፣ በሄሰልቢ ያሉት፣ ክቡር ጋሽ ይግዛው ናቸው። ምራታቸው ሀሴት ከአዲስ አበባ መጥታ ከባሏ ከባርናባስ ጋር እነሱ ዘንድ ስታርፍ፣ ስዊድንኛን ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ለመደች፤ «አስከሬን» የሚለውን ቃል ያወቀችው «ዳቦ» ከሚለው ቀድማ ነው።

በየፊልሙ መጀመሪያ ውሻ የሚያናፍስ ሰው ሬሳ ያገኛል። መርማሪዋ የልጇን ልደት ጥላ ትመጣለች፤ ሐኪሙ የሞቱን ሰዓት ይገምታል። ወዲያው የሟች የቀድሞ ባል ሲሮጥ ይያዛል። ሀሴት «አገኙት!» ስትል፣ ጋሽ ይግዛው ከለውዛቸው ቀና ሳይሉ «እሱ አይደለም፤ ፊልሙ ገና ሰዓት አለው» ይላሉ። እውነትም መሐል ላይ ሰውየው ሌላ ቦታ እንደነበረ ምስክር ይመጣል፤ ሁለተኛው ተጠርጣሪም ይከሽፋል፤ አለቃዋ መዝገቡን ይቀማታል። ከዚያ ቤቷ ተቀምጣ አንድ ተራ ነገር ታይና ንግግሯን ታቋርጣለች። ገዳዩ ገና ከጅምሩ ሻይ የቀዳላት ደግ ጎረቤት ነው። «ታዋቂ ተዋናይ ሻይ ለመቅዳት ብቻ አይቀጠርም» ይላሉ ጋሽ ይግዛው።

አንድ ሐሙስ ወንጀሉ ከቴሌቪዥን ወጥቶ ትቬትስቱጋ፣ የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባ። ባለቤታቸው እትዬ ልደታ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ሊለብሱት ያዘጋጁትን ነጭ ቀሚስ ማሽን ውስጥ ጨምረው ወደ ቤት ወጡ። ሀሴት የራሷን ጥቂት ልብስ ደረበችበት፤ ከመሐሉ ቀይ የሱፍ ካልሲ ነበረ። ስትመለስ ቀሚሱ ሮዝ ሆኗል። ልብሷን ለቅማ ሽሽት። ሬሳውን ያገኙት እትዬ ልደታ ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ይግዛው መነጽራቸውን አድርገው ወረዱ። ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዙ፤ የማሽኑን በር ጎማ ገልጠው አንድ ቀይ ክር አወጡ። እትዬ ልደታ ግን በማጠቢያ ተራ ሁልጊዜ የሚጣሉትን የላይኛውን ጎረቤት በር ሊያንኳኩ ተነስተዋል።

«እሱ አይደለም» አሉ ባላቸው። «ገና ሰዓት አለው።»

ጎረቤትየው በእርግጥም ቀኑን ሙሉ በከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ፋርስታ፣ ልጁ ዘንድ ነበር። ቀጥሎ የባርናባስ ቀይ ማሊያ ተጠረጠረ፤ ከስፖርት ቦርሳው ሲወጣ ግን፣ ውሃ ካየ እንደቆየ ሽታው መሰከረለት። በዚህ ጊዜ እትዬ ልደታ «ይበቃል፣ ሁለተኛ ስለዚህ ቀሚስ አትናገር» ብለው መዝገቡን ዘጉ።

ሀሴት ግን እንቅልፍ አጣች። ቤት ያስገቡኝ ሰዎች ዝርክርክ ናት ቢሉኝስ፣ የሚለው ሐሳብ አላስተኛትም። ጭንቀቷን በሥራ ልትሸፍነው ስትል ውሃ ታቀርባለች፣ ብስኩት ታመጣለች። በማግስቱ ሻይ ስትቀዳላቸው፣ ስለ አውቶቡስ ያወሩ የነበሩት ጋሽ ይግዛው ዐረፍተ ነገሩን አንጠልጥለው ማንቆርቆሪያውን አዩት።

ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት። አልጮሁም። የማጠቢያው ክፍል ቁልፍ ከዚህ ቤት እንዳልወጣ ተናገሩ። ክሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ በዚያ ብርድ ያለ ካልሲ የቀረውን እግሯን አዩ።

«ክፋት አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «ማሽኑ በከንቱ እንዳይዞር ብለሽ ነው።»

ከዚያ ዝም አሉ። በፊልሙ ይህን ዝምታ የሚችለው የለም፤ ሀሴትም አልቻለችም። ሁሉንም ተናዝዛ አለቀሰች። አሸነፍኩ እንዲሉ ጠበቀች፤ መሐረባቸውን ብቻ ሰጧት።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ይግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልደታ፣ ቀሚሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ልደታ ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። «ማንም ሳይጠይቀው ያመነ ሰው፣ የሚሸፍነው ሰው አለው።»

ሀሴት ተነሳች። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ካልሲውን የት አደረግሽው?»

«አልጋዬ ሥር።»

«የወንጀል መሣሪያ አልጋ ሥር?» አሉ እትዬ ልደታ ባላቸውን እያዩ። «ከአንተ ጋር ይህን ሁሉ ጊዜ ተቀምጣ ምንም አልተማረችም።» ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለሠርጉም ሮዙን ለበሱ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «ሆን ብዬ ያስቀለምኩት ነው» አሉ።

በሳምንቱ ሦስቱም ሶፋው ላይ ናቸው። ሀሴት በሙሉ ልብ «ገዳዩ አትክልተኛው ነው» አለች። ጋሽ ይግዛው አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ለውዝ ጎረሱበት። መጨረሻ ላይ ወንጀሉን ያመነችው የጥርስ ሐኪሟ ስትሆን፣ ሀሴት አፍራ ወደ አማቷ ዞረች።

«እኔም» አሉ ጋሽ ይግዛው፣ «አትክልተኛውን ነበር የጠረጠርኩት።»