አራት መስመር ለሄንሪክ

በዓልን ለሚያውቀው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለማያውቀው ደግሞ ከየት እንደሚጀመር ግራ ይገባል። እስቲ ሞክሩት። ለፈረንጅ ወዳጃችሁ፣ ያውም በመስከረም፣ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ» በሉትና ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ መልሱ። ዓመታችን ከእሱ ለምን ወደ ኋላ እንደቀረ ስታብራሩ በዓሉ ራሱ ያልፋል።

እኔ በዚህ ሥራ ልምድ አለኝ። አባቴ አቃቂ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ጠጋኝ ነበር። ሄንሪክ የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ማሽን ሊተክል መጥቶ ሁለት ዓመት አብረው ሠሩ፤ ከባለቤቱ ከኢንግሪድ ጋር በዓሉን ሁሉ እኛ ቤት ይውሉ ነበር። አገራቸው ከገቡ በኋላ በየእንቁጣጣሹ አባቴ ይነግረኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። «አታርዝመው፤ አራት መስመር ይበቃል» ይለኛል።

አባቴ በሐምሌ ሞተ። ለሄንሪክ ልጽፍ ስል እናቴ ከለከለችኝ።

«መርዶ በጽሑፍ ይላካል እንዴ? ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። እነሱ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው።»

እሺ አልኩ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ግን ዝም ማለት አልተቻለም፤ አንድም ዓመት ቀርተን አናውቅም። ቃሊቲ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው መስመር እንኳን አደረሳችሁ አልኩ። በሁለተኛው፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ዓመቱን እንደምንጀምር ነገርኳቸው። በሦስተኛው፣ ልጃገረዶች እየዘፈኑ በየቤቱ እንደሚዞሩ። አራተኛው ላይ እጄ ቆመ።

ለቤተሰብ የበዓሉ ትርጉም ድፎ ዳቦው ነው። አባወራው በቢላዋ ጫፍ መስቀል ሠርቶ፣ ባርኮ እስኪቆርሰው ማንም አይነካውም። ሄንሪክ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ቀድሞ እጁን ቢሰድ አባቴ እየሳቀ መልሶለታል። እና ምን ልበል? «አባቴ ቆረሰልን» ብዬ መዋሸት አቃተኝ። «ዳቦውን ባርኮ የሚቆርሰው አባወራው ነው፤ ዘንድሮ የቆረስኩት እኔ ነኝ» ብዬ ላክሁት። አልዋሸሁም፣ መርዶም አልተናገርኩም። ብልጠቴ ለራሴ ገረመኝ።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ።

«እንኳን ደስ አለህ! አባትህ ቢላዋውን አስረከበህ ማለት ነው። ይህንንማ ሳናይ አንቀርም፤ ለገና እንመጣለን። ለእሱ እንዳትነግረው፣ ድንገት ደርሰን እናስደስተው።»

ለእናቴ በአማርኛ አነበብኩላት። ጉድ እንደሠራሁ አውቄዋለሁ፤ ቁጣዋን ጠበቅሁ። ጥቁር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ይምጡ» አለች በመጨረሻ። «ብቻቸውን ከሚያለቅሱ ይሻላል።»

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ቁመቴን በዓይኗ ለካች።

«ኢንግሪድን እኔ እይዛታለሁ። ሄንሪክ ግን ግዙፍ ነው፤ ብቻህን አትችለውም። ከጎረቤት ሁለት ሰው ንገር።»